ካርቦንዳይኦክሳይድ 35 «ኖርማል» ነው? አንድ የፊዚዮ ጥያቄ አጣልቶናል

ደንገል

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ለፊዚዮ ፈተና ስናጠና አንድ ጥያቄ አጣላን። ቡናው ቀዝቅዞ ጭቅጭቁ አልበረደም። እስቲ ፍረዱን።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የ28 ዓመት ሴት ናት። ለአራት ቀን ኃይለኛ ተቅማጥ ነበራት። በጣም ደክማለች፣ አንገቷን ቀና ማድረግ ያቅታታል። በደቂቃ 14 ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿም አጭር አጭር ነው። የደም ጋዝ ውጤቷ ይኸው፦

```
pH      7.20
PaCO2   35 mmHg
HCO3    13 mmol/L
Na      138
Cl      113
K       1.8
```

ምርጫዎቹ፦ ሀ) ኮምፔንሴት ያልተደረገ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፤ ለ) በከፊል ኮምፔንሴት የተደረገ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፤ ሐ) ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ከሬስፓይራቶሪ አሲዶሲስ ጋር፤ መ) ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ከሬስፓይራቶሪ አልካሎሲስ ጋር።

እኔ «ለ» ነው ያልኩት። ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከ40 ወደ 35 ወርዷላ። አንዷ ጓደኛችን ደግሞ «ሐ» ብላ ሙጭጭ አለች። ለምን ስንላት ግን «ሴትዮዋ አተነፋፈሷ ደስ አይልም» ከማለት ሌላ ማስረዳት አልቻለችም።

ቀስት_ብቻ

ይሄማ ቀላል ነው። መልሱ «ሀ»። እኔ ሁሌ በቀስት ነው የምሠራው። ፒኤች ወደ ታች፣ ባይካርብ ወደ ታች፣ ስለዚህ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ። ከዛ ካርቦንዳይኦክሳይዱን ታያለህ። ኖርማሉ ከ35 እስከ 45 ነው። 35 ኖርማል ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ቀስት የለውም። ቀስት ከሌለ ኮምፔንሴሽን የለም። አለቀ።

በዚህ ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ ወድቄ አላውቅም።

ሬዚደንቱ

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ቀስት_ብቻ እስከ ግማሽ መንገድ ልክ ሄዷል። ሠንጠረዡ የሚከዳው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሰውም 35ን የመረጠው አስቦበት ነው።

ደንገል፣ ለጊዜው ካርቦንዳይኦክሳይዱን ተወውና ከፒኤች ጀምር። 7.20 ነው። ደሙ አሲድ ሆኗል። ማን ነው አሲድ ያደረገው? ባይካርቡ ከ24 ወደ 13 ወርዷል፣ ይሄ ወደ አሲድ ይጎትታል። ካርቦንዳይኦክሳይዱ 35 ነው። እሱ ብቻውን ቢሆን ፒኤቹን ትንሽ ከፍ ያደርገው ነበር እንጂ 7.20 አያወርደውም። ስለዚህ መነሻው ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ነው። እስከዚህ ማንም አይጣላም።

አሁን «35 ኖርማል ሬንጅ ውስጥ ነው ወይ?» ብለህ ከጠየቅክ ተሳስተሃል። ያ ሬንጅ ባይካርቡ 24 ለሆነ ጤነኛ ሰው ነው። መጠየቅ ያለብህ «ባይካርቡ 13 የሆነ፣ ሳንባውና ጡንቻው ደህና የሆነ ሰው ካርቦንዳይኦክሳይዱ ስንት ላይ ይገኝ ነበር?» ብለህ ነው። ለዚህ ዊንተርስ ፎርሙላ አለልህ፦

```
PaCO2 = 1.5 × HCO3 + 8   (± 2)
      = 1.5 × 13 + 8
      = 27.5
```

ስለዚህ ከ25.5 እስከ 29.5 ባለው ውስጥ መሆን ነበረበት። እሷ ጋ ያለው 35 ነው። አስቡት፣ ማስወጣት የነበረባትን ካርቦንዳይኦክሳይድ አላስወጣችም። ለሷ ሁኔታ 35 ከፍተኛ ነው። ቁጥሩ ለጤነኛ ሰው ኖርማል ቢሆንም፣ ሳንባዋ ሥራውን እየሠራ አይደለም። መልሱ «ሐ» ነው። የጓደኛችሁን ስሜት አትናቁት።

ሠንጠረዡ የሚሠራው ሰውዬው አንድ ችግር ብቻ ሲኖረው ነው። ሁለት ችግር ሲደራረብ ቀስቶቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ አንተም «ቀስት የለም» ብለህ ታልፋለህ።

ቀስት_ብቻ

ቆይ ዶክተር፣ ይሄ አልተዋጠልኝም። ኮምፔንሴሽን ጊዜ ይፈልጋል ብለን ተምረናል። ምናልባት ገና አልጀመረ ይሆናላ? ሳንባዋ ጤነኛ ሆኖ ዝም ብሎ አልደረሰ ይሆናል። ታዲያ «ኮምፔንሴት ያልተደረገ» ማለት ይሄ አይደለም?

ሬዚደንቱ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጊዜ የሚፈልገው ግን የትኛው ነው? ቀናት የሚፈጀው ኩላሊቱ ነው። ችግሩ ከሳንባ ሲነሳ ኩላሊቱ ባይካርብ ለመጨመር ሦስት አራት ቀን ይወስዳል። ሳንባ ግን እንደዛ አይጠብቅም። አሲዱ ደም ውስጥ ሲጨምር አንገት ላይ ያሉት ካሮቲድ ቦዲዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይቀሰቅሱታል። አእምሮ ውስጥ ያሉት ተቀባዮች ትንሽ ይዘገያሉ፣ ምክንያቱም ባይካርብ ወደ አእምሮ ፈሳሽ ቶሎ አይሻገርም። ቢሆንም በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ሙሉ ኮምፔንሴሽን ላይ ይደረሳል።

እሷ አራት ቀን ታማለች። ተቅማጥ ደግሞ ባይካርቡን ቀስ እያለ ነው የሚያጥበው። «ገና አልደረሰም» የሚባለው በአንድ ጊዜ ለወደቀ ሰው ነው፣ ለምሳሌ ገና አሁን የሚጥል በሽታ ለተነሳበት። ለዚህች ሴት አይሠራም።

ደግሞ የጥያቄውን ቃላት ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። ባይካርቡ 13 የወረደ ሰው ሲተነፍስ ከበር ሆናችሁ ታውቃላችሁ። በረጅሙ ይስባል፣ በረጅሙ ያስወጣል፣ ወሬ መጨረስ ያቅተዋል። እሷ በደቂቃ 14 ጊዜ፣ ያውም አጭር አጭር። አንገቷንም ማንሳት አልቻለችም። ጥያቄ አውጪው መልሱን በቃላት ሰጥቷችኋል።

የዘጌ ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ግን አባቴ ላይ ይሄው ምርመራ ተሠርቶ ነበርና ገባሁ። ፒኤች 7.35፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ 60፣ ባይካርብ 32 ይላል ወረቀቱ። ዕድሜ ልኩን ሳል አለበት። እንጨት ጭስ ውስጥ ነው የኖረው። አንዱ «ፒኤቹ ደህና ስለሆነ ምንም የለውም» አለን። አሁን ዊንተርስ የሚባለውን ሠራሁት። 1.5 በ32 ሲባዛ 48፣ ሲደመር 8፣ 56 መጣ። ከ60 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ደህና ነው ማለት ነው አይደል?

ሬዚደንቱ

ወንድሜ፣ አባትህን እግዜር ይማርልህ። ፎርሙላው ግን እሳቸው ላይ አይሠራም። ዊንተርስ የሚያገለግለው ባይካርቡ ወርዶ ደሙ አሲድ ሲሆን ብቻ ነው። የሳቸው ባይካርብ ወርዶ አይደለም፣ ጨምሮ ነው። 56 ማግኘትህ አጋጣሚ ነው።

የሳቸው ነገር መነሻው ካርቦንዳይኦክሳይዱ ነው። 60 ድረስ ከፍ ብሏል። ኩላሊታቸው ለረጅም ጊዜ ባይካርብ እያጠራቀመ ፒኤቹን ወደ ኖርማል አስጠግቶታል። እዚህ ላይ የምናየው ባይካርቡ በስንት እንደጨመረ ነው። ድንገት የመጣ ቢሆን ኖሮ ካርቦንዳይኦክሳይዱ በ10 ሲጨምር ባይካርቡ በ1 ብቻ ነበር የሚጨምረው። 24 የነበረው 26 ላይ ይቆም ነበር። የቆየ ሲሆን ግን በየ10ሩ ከ3.5 እስከ 4 ይጨምራል። 24 ላይ 7 ወይም 8 ስትደምር 31 ወይም 32። ልክ ወረቀቱ ላይ ያለው። ስለዚህ የቆየ የሳንባ ችግር ነው፣ ኩላሊቱም የድርሻውን ሠርቷል። «ፒኤቹ ደህና ነው» ማለትና «ሰውዬው ደህና ነው» ማለት አይገናኙም። ወረቀቱን ይዘህ የሚከታተላቸውን ሐኪም አነጋግር። ኦክስጅን ሲሰጣቸውም ይሄ ወረቀት መታየት አለበት።

የዘጌ ልጅ

እሺ ዶክተር፣ እናመሰግናለን። እኔማ ደስ ብሎኝ ቤት ልደውል ነበር።

ሲስተር_አይሲዩ

ልጆች፣ ቁጥሩን ከመተንተናችሁ በፊት ቁጥሩ ይታመናል ወይ በሉ። እኔ የምሠራበት ቦታ ስንቱን አይቻለሁ። ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ሲቀር ካርቦንዳይኦክሳይዱ ወርዶ ይመጣል። ደሙ ያለ በረዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሴሎቹ ደሙ ውስጥ ሆነው መሥራታቸውን አያቆሙም። ካርቦንዳይኦክሳይዱ ይጨምራል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። ከደም ቅዳ ፈንታ ከደም መልስ የተቀዳም ያጋጥማል። የዚህች ሴት ዓይነት ውጤት ከመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየት ተቀዳ፣ መቼ ተቀዳ?» ብዬ ነው። ከደም መልስ ከሆነ ካርቦንዳይኦክሳይዱ አምስት ስድስት ከፍ ማለቱ አይገርምም። ያኔ 35 የተባለው 29 ሊሆን ይችላል። የሬዚደንቱ ትንታኔም ይፈርሳል ማለት ነው።

ሬዚደንቱ

ሲስተር ልክ ነሽ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ፈተና ላይ ግን የተሰጠው ቁጥር የታመነ ነው ብለን እንሄዳለን።

ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። የተሰጡት ሦስት ቁጥሮች እርስ በርስ መስማማታቸውን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ፦

```
H+ = 24 × PaCO2 / HCO3
   = 24 × 35 / 13
   = 64.6 nmol/L
```

ፒኤች 7.40 ማለት 40፣ 7.30 ማለት 50፣ 7.20 ማለት 63 ነው። እነዚህን ሦስቱን ሸምድዷቸው፣ ይበቃሉ። 64.6 ለ63 ቅርብ ስለሆነ ቁጥሮቹ ይስማማሉ። ባይስማሙ ኖሮ አንዱ ቁጥር ሲገለበጥ ተሳስቷል ማለት ነው።

ደንገል

ታዲያ ይሄ ማጣሪያ የሲስተርን ችግር አይፈታም? ከደም መልስ ቢቀዳ ቁጥሮቹ አይስማሙም ነበር አይደል?

ሲስተር_አይሲዩ

አይፈታም ልጄ። ማሽኑ የሚለካው ፒኤችና ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። ባይካርቡን ከሁለቱ አስልቶ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የወጣ ወረቀት ሁሌም ይስማማል፣ ደሙ ከየትም ይምጣ። ማጣሪያው የሚያዘው በእጅ ሲጻፍ የተሳሳተውን ነው። 35ን 53 ብሎ የጻፈ አጋጥሞኛል።

ፊዚክስ_ፔዳ

ከዳር ሆኜ እያነበብኩ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። የአየር ግፊቱ 760 ሳይሆን ወደ 615 አካባቢ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ሰው ትንሽ ጨምሮ ይተነፍሳል። ጨምሮ ከተነፈሰ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ይወርዳል። ታዲያ እዚህ ያለ ጤነኛ ሰው ለምን 40 ይባላል? 40 የባሕር ጠለል ቁጥር አይደለም?

ቀስት_ብቻ

😂 እንዲያውም ለኔ ይመቸኛል። እዚህ ኖርማሉ 36 ከሆነ 35 በደንብ ኖርማል ሆነ።

ሬዚደንቱ

ፊዚክስ_ፔዳ፣ ነገሩ እውነት ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚኖር ሰው ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከ40 ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ባይካርቡም አብሮ ትንሽ ይወርዳል። ዊንተርስ ፎርሙላ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም የኛን ከፍታ ታሳቢ አላደረገም። ሁለት ቁጥር ልዩነት ላይ ተመሥርቼ «ሁለተኛ ችግር አለ» ብዬ አልምልም።

ግን ቀስት_ብቻ፣ ነገሩ አንተን አይረዳህም። መነሻው ዝቅ ካለ የሚጠበቀውም አብሮ ዝቅ ይላል። ከ27.5 በታች ይሆናል እንጂ ወደ 35 አይጠጋም። እሷ ከሚጠበቀው የምትርቀው የበለጠ ነው። ከፍታውን ብትቆጥረውም ባትቆጥረውም መልሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያመራው።

ፊዚክስ_ፔዳ

እሱ ገባኝ። ግን ለደገኞቻችን ፎርሙላው ስንት በስንት መሆን አለበት? ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የተጠኑ ሰዎች የኦክስጅን ሙሌታቸው ከባሕር ጠለል ሰው ብዙም እንደማይለይ አንብቤያለሁ። እነሱም ጨምረው ይተነፍሳሉ ወይስ ሌላ ዘዴ አላቸው? ሌላ ዘዴ ካላቸው ካርቦንዳይኦክሳይዳቸው ላይወርድም ይችላል።

ሬዚደንቱ

ለዚህ እጄ ላይ ያለ መልስ የለም። ፈተናችሁ ላይ 40 እና 24 ተጠቀሙ፣ ጥያቄ አውጪው እነሱን ነው ያሰበው።

ደንገል

እሺ፣ «ሐ» መሆኑን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ተቅማጥ የያዛት ሴት ሳንባዋ ለምን ይደክማል? የሳንባ በሽታ አልተጠቀሰም እኮ።

ሬዚደንቱ

ፖታሲየሙን እየው። 1.8!

መጀመሪያ አኒዮን ጋፑን አውጣ። 138 ሲቀነስ 113 ሲቀነስ 13፣ 12 ይመጣል። ኖርማል ነው። የተጠራቀመ ሌላ አሲድ የለም፤ ላክቴትም ኪቶንም እዚህ ታሪክ ውስጥ አልገቡም። ባይካርቡ በተቅማጥ ወጥቶ ክሎራይድ ቦታውን ይዟል። ከተቅማጡ ጋር ይገጥማል። ፈሳሽ እጅግ ጎድሎባት የደም ዝውውሯ የተዳከመ ቢሆን ኖሮ ላክቴት ተደርቦ ጋፑ ከፍ ይል ነበር።

በዚያው ተቅማጥ ፖታሲየምም ወጥቷል። ፖታሲየም እንዲህ ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል። መጀመሪያ እግር፣ ከዛ እጅና አንገት፣ በመጨረሻ ዲያፍራም። አንገቷ ያልቀናው፣ ትንፋሿም ያጠረው በዚህ ነው። ሳንባዋ ጤነኛ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው የዛለው። አእምሮዋ «ተንፍሺ!» እያለ ይጮኻል፣ ጡንቻው አይሰማም።

ልብ በሉ፣ አሲዶሲስ ሲኖር ፖታሲየም ከሴል ወደ ደም መውጣት ይቀናዋል። ፒኤች 7.20 ሆኖ ደሟ ውስጥ 1.8 ብቻ ከተገኘ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ጉድለት ደሙ ከሚያሳየው እጅግ ይበልጣል።

ቀስት_ብቻ

እሺ፣ ሠንጠረዤን አዋርዳችሁታል። እኔ አሁን ባይካርብ ነበር የምሰጣት። ጎደለ፣ ሙላ።

ሲስተር_አይሲዩ

ኧረ በማርያም! ቀድመህ ባይካርብ ስትሰጣት ፖታሲየሙ ወደ ሴል ይገባና ከ1.8 የባሰ ይወርዳል። ትንፋሿ ጭራሽ ሊቆም ይችላል፣ ልቧም አለ። ደግሞ የሰጠኸው ባይካርብ አሲዱን ሲያገኝ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው የሚሆነው። ያንን አስወጪ ደግሞ ማን ነው? ያው የዛለው ጡንቻ። ፖታሲየም በሞኒተር ሥር ይቅደም፣ ትንፋሹን የሚያግዝ ማሽንም ቅርብ ይሁን።

ሬዚደንቱ

በፖታሲየሙ እስማማለሁ። ባይካርብ ፈጽሞ አይሰጥ ግን አልልም። ተቅማጥ ያሳጣውን ባይካርብ ኩላሊት ለመመለስ ቀናት ይፈልጋል። ፖታሲየሙ ከተነሳ በኋላ፣ ፒኤቹ ከ7.20 በታች ከቀጠለ፣ በቀስታ መስጠት ያለበት ነው የሚሉ አሉ። እኔም ወደዛ አዘነብላለሁ።

ሲስተር_አይሲዩ

አዘንብል። እኔ የማየው አልጋው አጠገብ ነውና ቶሎ ባይካርብ ሲጠራ ደስ አይለኝም። በዚህ አንስማማም ዶክተር።

ደንገል

አንድ የመጨረሻ። ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ አንብባ ሳቀችብኝ። ግን እሷም አንድ ጥያቄ አላት። «ካርቦንዳይኦክሳይዱ 35 ሆኖ ሬስፓይራቶሪ አሲዶሲስ ማለት ይቻላል? አንዳንድ መምህር ከ45 በላይ ካልሆነ አይቀበልም» ትላለች።

ሬዚደንቱ

እውነቷን ነው፣ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን ከሚጠበቀው በላይ ከሆነ ሬስፓይራቶሪ አሲዶሲስ ተደርቧል ይላል። ሌላው «በቂ ያልሆነ የሳንባ ኮምፔንሴሽን» ብሎ ማለፍ ይመርጣል። እኔ የመጀመሪያው ነኝ፣ ሐኪሙን ወደ ጡንቻው ስለሚያስሮጠው። እዚህ ጥያቄ ላይ ግን ሁለተኛው ወገን ምርጫ ውስጥ የለም። «ለ» በከፊል ኮምፔንሴት የተደረገ ሲል ሳንባው ጤነኛ ሆኖ እየሠራ እንደሆነ ነው የሚያስመስለው። የመምህራችሁን አቋም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለማየት ያህል ይቺን ሥሯት። ፖታሲየሙ ተነስቶ ጡንቻዋ ቢበረታ፣ ባይካርቡ እዛው 13 ላይ ሆኖ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ወደ 27 ቢወርድ ፒኤቹ ስንት ይሆናል?

ቀስት_ብቻ

24 በ27 ሲባዛ 648። ለ13 ሲካፈል 49.8። 50 ማለት 7.30። ማለትም ምንም ባይካርብ ሳይሰጣት፣ በትንፋሽ ብቻ ከ7.20 ወደ 7.30?

ሬዚደንቱ

አዎ።

ሲስተር_አይሲዩ

ይሄን ለዶክተሩ ድገምለት 😊